የሥራ መዘርዝር ምንድን ነው? ተግባርን፣ የግድ የሚያስፈልገውንና ቢኖር የሚመረጠውን ስለ መለየት

የሥራ መዘርዝር ማለት አንድን የሥራ መደብ የሚይዝ ሰው ምን እንደሚሠራ፣ ሥራውን ለመጀመር የግድ ምን ማሟላት እንዳለበት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ምን ቢኖረው እንደሚመረጥ ለየብቻ የሚገልጽ ሰነድ ነው። ብዙ ጊዜ ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ጋር ይምታታል፤ ማስታወቂያው ግን ከመዘርዝሩ ተጨምቆ የሚወጣ አጭር ጽሑፍ እንጂ መዘርዝሩ ራሱ አይደለም። በእኛ አካባቢ የማየው ልማድ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ቀጥሎ ሰው ይቀጠራል፤ ሥራውን የሚዘረዝረው ወረቀት፣ የሚጻፍ ከሆነ፣ ሠራተኛውና አለቃው መጨቃጨቅ ከጀመሩ በኋላ ይጻፋል።

የግራ መጋባቱ አንዱ ምንጭ ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች በአብዛኛው «ተፈላጊ ችሎታ» የሚል አንድ ዓምድ አላቸው። የሚፈለግ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ያለ እሱ ሥራው የማይጀመር አለ፣ ቢገኝ ደስ የሚያሰኝ ግን ባይገኝም ሥራውን የማያስተጓጉል አለ። «ተፈላጊ» የሚለው ቃል ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚያቅፍ ጸሐፊው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳይወስን ያልፋል፤ ውሳኔው በኋላ ማመልከቻ ለሚያጣሩት ሰዎች ይተዋል፣ እነሱም እያንዳንዳቸው በመሰላቸው ይወስናሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ሲቀጠር ከመልማዮቹ አንዱ ነበርኩ። ማስታወቂያችን እንዲህ ይል ነበር፦ «ስቶር ኪፐር፤ በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ ሙያ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፤ የ4 ዓመት የሥራ ልምድ፤ ኮምፒውተር የሚችል፤ ታታሪና ታማኝ፤ የኮምቦልቻ ነዋሪ፤ ፆታ ወንድ።» በዚህ መሠረት ዲግሪ ያለው፣ የተጠየቀውን ዓመት ያህል በቢሮ ሒሳብ የሠራ ጎበዝ ወጣት ተቀጠረ። ወራት አለፉና የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት የቢን ካርድ ቁጥርና መጋዘን ውስጥ ያለው ስንዴ አልገናኝ አሉ። ስንዴ ሲራገፍ ለምን ሚዛን ላይ እንደማይቆም ሲጠየቅ «እኔ የተቀጠርኩት በሒሳብ ሙያዬ ነው» አለ። ወረቀቱን አውጥተን ስናነበው እውነቱን ነበር፤ ስንዴ ተመዝኖ ይረከባል የሚል አንድም ቃል አልነበረበትም።

ለሁለተኛው ቅጥር ሥራውን የጀመርነው ከትምህርት ደረጃ ሳይሆን ከውሎው ነው። ከሚዛን ሠራተኛውና ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ተቀምጠን፣ ስንዴ የጫነ መኪና ከበር ከገባበት ዱቄቱ ተጭኖ እስከሚወጣበት ድረስ የመጋዘን ሠራተኛው በተራ የሚያደርገውን ጻፍን። የመጣው ስንዴ ከግዥ ትእዛዙና ከሚዛን ወረቀቱ ጋር መስማማቱን አረጋግጦ ይረከባል፣ የገቢ ደረሰኝም በዚያው ቀን ይቆርጣል። ገቢና ወጪውን በዚያው ሰዓት ቢን ካርድ ላይ ይመዘግባል። የተፈረመ የወጪ መጠየቂያ ሳይዝ ምንም ነገር አያወጣም፣ ሲያወጣም ቀድሞ የገባውን ያስቀድማል። ቀን ሠራተኞቹ ጆንያውን ከግድግዳ አርቀው በፓሌት ላይ መደርደራቸውን ይቆጣጠራል፣ ስንዴ እርጥበት ከሳበ ይበላሻልና። በየቅዳሜው የተወሰኑ ዕቃዎችን ቆጥሮ ከካርዱ ጋር ያመሳክራል፣ ልዩነት ሲያገኝ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከፋይናንስ ጋር ሆኖ ሙሉ ቆጠራ ያካሂዳል።

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሳምንቱ ሲያልቅ ተሠርቷል ወይም አልተሠራም ሊባልበት የሚችል መሆኑን ልብ ይሏል። «የመጋዘኑን ሥራ ያስተባብራል»፣ «የንብረት አያያዝን ይከታተላል» የሚሉት አነጋገሮች ይህን ፈተና አያልፉም፤ ያስተባበረና ያላስተባበረ ሰው ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። በየመዘርዝሩ መጨረሻ የማይቀረው «ከቅርብ አለቃው የሚሰጡትን ሌሎች ተግባራት ያከናውናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ አልልም፤ ሆኖም «ከመጋዘን ሥራ ጋር የተያያዙ» የሚል ገደብ ካልተበጀለት ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ሊውጥ ይችላል።

የግድ የሚያስፈልገው ነገር ከዚህ የተግባር ዝርዝር ብቻ መውጣት አለበት፤ ከጎረቤት ድርጅት ማስታወቂያ መቅዳት አይሠራም። ለእያንዳንዱ መስፈርት ሁለት ጥያቄ አቀረብን። ይህን የሚጠይቀው የትኛው ተግባር ነው? ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ባይችለው በሙከራ ጊዜው ሊማረው ይችላል ወይ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህም በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ፋብሪካ 10 ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚለመድ ነገር ከበር መመለሻ ሊሆን አይገባም። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያጣ መስፈርት ከነጭራሹ ይወጣል፤ መልስ ያለው፣ ነገር ግን በሥራ ላይ የሚለመደው፣ ቢኖር ወደሚመረጠው ዓምድ ይዛወራል።

የቀድሞው ማስታወቂያ በዚህ ወንፊት ሲያልፍ ብዙ ነገር ቀረ። «ፆታ ወንድ» የገባው ጆንያ ይሸከማል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ተግባሩ ሲጻፍ ግን የሚሸከሙት ጫኝና አውራጆቹ ሆነው ተገኙ፣ የመጋዘን ሠራተኛው ሥራ መመዘን፣ መቁጠርና መመዝገብ ነው። በፆታ ማዳላት በሕግ የተከለከለ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ መስፈርቱ የቆመበት ተግባርም አልነበረውም። «የኮምቦልቻ ነዋሪ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው የፈለገው ሠራተኛው ከጠዋቱ 1 ሰዓት በር ላይ እንዲገኝ ነበር፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ በየቀኑ ወርዶ የሚሠራው ሕዝብ ብዛት እየታየ፣ ነዋሪነትን መጠየቅ ደሴን በሙሉ ማስቀረት ነው። ስለዚህ ነዋሪነቱን ሰርዘን የሥራ ሰዓቱን በሥራ ሁኔታ ሥር በግልጽ ጻፍን። ለንብረት ኃላፊ የሚጠየቀውን ዋስም እዚያው አስቀመጥነው፤ ዋስ የቅጥር ሁኔታ እንጂ የሰው ችሎታ አይደለም።

«ታማኝ» የሚለው ቃል ከሁሉም ይበልጥ አከራከረን። የፋብሪካው ባለቤት ንብረት የሚረከብ ሰው ታማኝ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው አሉ፣ ልክም ናቸው። ሆኖም ታማኝነት ማመልከቻ ላይ አይነበብም፤ ታማኝ አይደለሁም ብሎ የሚያመለክትም የለም። በቃሉ ፈንታ የሚታይ ወረቀት ጠየቅን፦ ንብረት ይዞ የሠራ አመልካች ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ንብረቱን አስረክቦ መሰናበቱን የሚያሳይ ክሊራንስ ያቀርባል። ታማኝነትን ባያረጋግጥም ቢያንስ የሚጣራ ነገር ነው። «ታታሪ» ግን በምንም ሊተካ ስላልቻለ ወጣ።

«ተመሳሳይ ሙያ» የሚለውንም ዘጋነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚመሳሰል አጣሪው በየቀኑ ስሜት የሚወስነው ነገር ነውና። በምትኩ የትምህርት መስኮቹን በስም ዘረዘርን፦ ንብረት አስተዳደር፣ ግዥ ወይም ሒሳብ አያያዝ፣ በዲፕሎማ ወይም በደረጃ 4። የ4 ዓመቱ ልምድ ደግሞ የምን ልምድ እንደሆነ አይናገርም ነበር፤ የመጀመሪያውን ቅጥር ያበላሸውም ይኸው ነው። አዲሱ «ዕቃ በመረከብና ወጪ በማድረግ፣ በራሱ ፊርማ ተጠያቂ ሆኖ፣ ቢያንስ 1 ዓመት የሠራ» ይላል። ዓመቱ አነሰ፣ መስፈርቱ ግን ጠበቀ።

«ኮምፒውተር የሚችል» የሚለው ቢኖር ወደሚመረጠው ተሻገረ። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራው ፋይናንስ ነው፤ መጋዘኑ የሚያስረክበው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ኤክሴል ማወቅ ለሳምንታዊው ቆጠራ ይረዳል፣ ሆኖም በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። ከእሱ ጋር እህል ወይም የምግብ ምርት በሚያዝበት መጋዘን መሥራትን ጨመርንና በዚያ አበቃን። ይህ ዓምድ ሲበዛ አመልካችን ያስፈራል፤ ብቁ የሆኑ ሰዎች ሁሉን ካላሟላሁ ብለው ይቀራሉ።

ሦስቱን ዓምዶች መለየት ዋጋ የሚኖረው አጣሪዎቹ ሲጠብቁት ነው። የግድ የሚያስፈልገው ነጥብ አይሰጠውም፤ አለ ወይም የለም ይባላል፣ የሌለው አያልፍም። ቢኖር የሚመረጠው ነጥብ ብቻ ይሰጣል፣ ማንንም አይጥልም። እኛ ለተግባር ፈተናው 60፣ ለቃለ መጠይቁ 25፣ ቢኖር ለሚመረጡት ሁለቱ 15 ነጥብ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት መደብን። ፈተናው በናሙና ወረቀቶች ላይ የተመሠረተ ነበር፦ ከግዥ ትእዛዙ ጋር የማይስማማ የሚዛን ወረቀት ተሰጥቷቸው ምን እንደሚያደርጉ ይጽፋሉ፣ ባዶ ቢን ካርድም ይሞላሉ።

መስመሩ የሚፈርሰው አመልካች ሲበዛ ነው። አንዱ «ኤክሴል የማያውቁትን እናስወጣና ይቅለለን» ይላል፣ ሌላውም ይስማማል፤ ሳይታወቅ የሚመረጠው የግድ ይሆናል። ይህን የምናውቅበት ዘዴ ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። ከወደቀው ስም ሁሉ ጎን ያላሟላው የግድ መስፈርት ተራ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥር ያልተገኘለት ስም ያለ አግባብ ወድቋል ማለት ነው። ከማስታወቂያው በፊት የሚደረግ ሌላ ሙከራም አለ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ጥቂት የቆዩ ማመልከቻዎችን በመዘርዝሩ ብቻ ያጣራሉ። አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ከጣለ፣ ያለያያቸው ዓረፍተ ነገር ገና አልጠራምና እንደገና ይጻፋል። በእኛ ሙከራ ያለያየን «በራሱ ፊርማ ተጠያቂ ሆኖ» የሚለው ነበር፤ ረዳት ሆኖ የሠራን ያካትታል ወይ? አያካትትም ብለን ጨመርንበት።

አዋጁ የሥራ ውል የሥራውን ዓይነት እንዲገልጽ ስለሚጠይቅ የተግባሩን ዓምድ ከውሉ ጋር አያይዘን ሁለቱም ወገን እንዲፈርሙበት አደረግን። ሌሎቹ ሁለት ዓምዶች እዚያ ቦታ የላቸውም፤ ሥራቸው ቅጥሩ ሲያልቅ ያልቃል። ሥራውን ያገኘችው በየቀኑ ከደሴ የምትመላለስ፣ ዲፕሎማ ያላት፣ ኤክሴል የማታውቅ ሴት ነበረች። ከጊዜ በኋላ ፋብሪካው የመጋዘን ምዝገባውን ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር መዘርዝሩ አዲስ ቀን ተጽፎበት ተሻሻለ፤ የኮምፒውተር ምዝገባ ወደ ተግባሩ ገባ፣ ኤክሴልም ለሚቀጥለው ቅጥር የግድ ሆነ። ለእሷ ግን የሥልጠና ጊዜ ተሰጣት፤ ስትቀጠር ያልተጠየቀችውን ነገር አታውቂም ተብላ ልትወቀስ አይገባምና።