ዲሪቬቲቭን ከሠንጠረዥና ከግራፍ ማንበብ

ዲሪቬቲቭ አንድ ነገር በአንድ ቅጽበት ምን ያህል በፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነ ይነግረናል። ቀመር ካለ በስሌት ይገኛል። በእጃችን ያለው የተለካ ቁጥር ብቻ ሲሆን ግን ከሠንጠረዡ ወይም ከግራፉ ላይ ማንበብ ግድ ነው።

dy/dx የሚለው አጻጻፍ የሊብኒዝ ነው። ካልኩለስን ማን ቀድሞ አገኘው የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን አነታርኳል፤ ለዚህ ሥራ ግን የሊብኒዝ አጻጻፍ ኒውተን ከፊደሉ አናት ላይ ከሚያደርገው ነጥብ በግልጽ ይበልጣል። መለኪያው እዚያው ይነበባላ! የላዩ መለኪያ ለታቹ ይካፈላል።

እየቀዘቀዘ ያለ የፈላ ውሃ እንውሰድ። በ0፣ 5፣ 10፣ 15 እና 20 ደቂቃ ላይ ሙቀቱ 90፣ 74፣ 62፣ 53 እና 46 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆነ። 10ኛው ደቂቃ ላይ በምን ፍጥነት እየቀዘቀዘ ነው?

ከ10 ወደ 15 ብንሄድ (53−62)/5 = −1.8 ይመጣል። ከ5 ወደ 10 ከሆነ ደግሞ (62−74)/5 = −2.4። አንዱ ያሳንሳል፣ ሌላው ያጋንናል። ስለዚህ ግራና ቀኙን እንይዛለን፦ (53−74)/10 = −2.1። መልሱ በደቂቃ −2.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የመቀነስ ምልክቱ ውሃው እየቀዘቀዘ መሆኑን ይናገራል። በሰከንድ ከተፈለገ ለ60 ይካፈላል፤ −0.035 ይሆናል። «−2.1» ብሎ ብቻ መተው ግን ምንም አለማለት ነው።

የሠንጠረዡ ጫፍ ላይ ጎረቤቱ አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች የሚገኘው −3.2 በእርግጥ የሚስማማው ለ2.5ኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። በ0 ላይ ውሃው ከዚያም በፈጠነ መጠን ይቀዘቅዛል።

ግራፍ ላይ ኩርባውን 10ኛው ደቂቃ ላይ ብቻ የሚነካ ቀጥታ መስመር፣ ማለትም ታንጀንት፣ ይሰመራል። ከዚያ ተራርቀው ያሉ ሁለት ነጥቦች ከመስመሩ ላይ ይመረጣሉ፤ ከኩርባው ላይ አይደለም። መስመሩ በ0 ላይ 83ን፣ በ20 ላይ 41ን ቢያልፍ (41−83)/20 = −2.1 ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የግራፍ ወረቀቱን ካሬዎች ሲቆጥር ነው። አንዱ ካሬ ወደ ጎን 2 ደቂቃ፣ ወደ ላይ 5 ዲግሪ ከሆነ የካሬ ቁጥር መልስ አይሆንም። ንባቡ ከዘንጎቹ ላይ ይወሰድ። ታንጀንቱን በዓይን መገመት ለከበደው ትንሽ መስታወት ይረዳል፦ ነጥቡ ላይ ከወረቀቱ በላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረግና ኩርባው ከነጸብራቁ ጋር ሳይሰበር እስኪገጥም ይዞራል። ታንጀንቱ ለመስታወቱ ጠርዝ ቀጤ ነክ ነው።

ልኬቱን ማቀራረብ ሁልጊዜ ይሻላል የሚሉ አሉ። በአብዛኛው አይሻልም። ቴርሞሜትሩ በግማሽ ዲግሪ ከሳተ፣ በ10 ደቂቃ ርቀት የሚፈጠረው ስህተት ቢበዛ በደቂቃ 0.1 ዲግሪ ነው። ርቀቱ 2 ደቂቃ ከሆነ ግን 0.5 ይደርሳል፤ ይህም የመልሱ ሩብ ያህል ነው። በተከታታይ የወጡት ዲሪቬቲቮች ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ካሉ የዚህ ስህተት ምልክት ነው።