ጥያቄ 4 ላይ 3 ማርክ ለምን ተቀነሰ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ፤

ልጅዎ በቴሌግራም በላከችው የሂሳብ ፈተና 3x + 7 = 22 ለሚለው ጥያቄ x = 5 ብላ በትክክል መልሳለች። ሆኖም ከ5 ማርክ ያገኘችው 2 ነው፤ ቅር ቢልዎት አይገርመኝም። 2 ማርክ የሚሰጠው ለመልሱ፣ 3ቱ ለአሠራሩ ነው። አሠራሩን የጻፈችው በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ሲሆን ፎቶው እዚያው ጋ ተቆርጧል። «3x» ይታየኛል፤ ከእኩል ይሆናል ምልክቱ ወዲያ ያለው የለም።

ወረቀቱ ላይ ሙሉው እንዳለ አልጠራጠርም። ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቢመጣልኝ የቱ መቼ እንደተጻፈ መለየት ስለማልችል፣ ለሁሉም ተማሪ የማርመው በሰዓቱ የደረሰኝን ፎቶ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ፈተና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከላይ ቀጥ አድርጋ ታንሳው፤ አራቱም ማዕዘን ካልታየ ሳትልክ ትድገመው።

የሂሳብ መምህሯ