ሩት ስትመሰገን ምን አለች?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

የጽዋ ማኅበር ቀን ነው እንበል። ባለተራዋ ድፎ ዳቦ ጋግራለች። ሌሊት ተነስታ አቡክታ፣ በኮባ ሸፍና፣ ከላይም ከታችም እሳት ሰጥታው የተነሳ ዳቦ ነው። አንዲት ትልቅ እናት ቆርሰው ቀመሱና «እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ድፎ ከበላሁ ቆይቻለሁ» አሏት። እሷም ቶሎ ብላ «ኧረ ተዉ እትዬ! ጨው አንሶታል፣ ታቹም አሮብኛል እኮ» አለች።

ከዚያ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ የዳቦውን ታች ገልብጦ ያያል። እትዬ «ኧረ አላረረም» ብለው ይከራከራሉ። እሷ «አሯል» ትላለች። ምርቃቱ የት እንደገባ አይታወቅም። አሜን የሚለው ሰው አልተገኘም።

ይህን የምናደርገው ለክፋት አይደለም። ውዳሴ ከንቱን ስለምንፈራ ነው፤ ፍርሃቱም መልካም ነው። ግን ውጤቱን እዩት። ንግግሩ ስለ ዳቦውና ስለ እትዬ ደስታ ነበር። አሁን ስለ ጋጋሪዋ ሆነ። እትዬ ደግሞ በደግ የተናገሩትን ቃል ተሳስተዋል ተብለው ተመለሱ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ከምወዳቸው መልሶች አንዱ በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ላይ ነው። ሩት ሞዓባዊት ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ቤተ ልሔም ገብታ በቦዔዝ እርሻ ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ ትለቅማለች። ቦዔዝ መጥቶ አመሰገናት። ደግሞ ዝም ብሎ «ጎበዝ ነሽ» አላላትም። ባልሽ ከሞተ በኋላ ለአማትሽ ያደረግሽውን፣ አባትና እናትሽን፣ የተወለድሽባትንም ምድር ትተሽ ወደማታውቂው ሕዝብ መምጣትሽን ሰማሁ አላት። ከዚያም መረቃት፤ ከክንፉ በታች ልትጠለዪ የመጣሽበት የእስራኤል አምላክ ዋጋሽን ይክፈልሽ አላት።

እዚህ ላይ እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር? «ኧረ ጌታዬ፣ ማንም የሚያደርገው ነው።» ወይም በሌላው ጫፍ «አዎ፣ መንገዱ እንዴት አድካሚ ነበር መሰለህ፣ ዖርፋ እንኳን ተመልሳለች እኮ!» ዖርፋን መጥቀስ እንዴት ይቀል ነበር። እውነትም ነው፤ ሌላዋ የኑኃሚን ምራት ዖርፋ ከመንገድ ተመልሳለች። ሩት ግን ስሟን አላነሳችም። ስንመሰገን ያልቻለውን ሰው ጎን ለጎን የምናቆምበት ልማድ አለን፤ ትምክህት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ሩት ያለችው ይህን ነው፦ ጌታዬ ሆይ፣ በዓይንህ ፊት ሞገስ ላግኝ፤ አጽናንተኸኛል፣ የባሪያህንም ልብ ደስ አሰኝተሃል፤ እኔ ከአገልጋዮችህ እንደ አንዲቱ እንኳ አይደለሁም (ሩት 2፥13)።

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቦዔዝ የዘረዘረውን አንዱንም አልካደችም። አንድም አልጨመረችበትም። የተናገረችው ቃሉ በእሷ ውስጥ ምን እንደሠራ ነው፦ አጽናንተኸኛል። ሰው ደግ ቃል ሲናገር ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? «ከአገልጋዮችህ እንደ አንዲቱ አይደለሁም» ማለቷ ራስን ማዋረድ ሊመስለን ይችላል። ግን እውነቷን ነው፤ ባዕድ አገር ያለች ቃራሚ ናት። የካደችው ማዕረግን እንጂ ሥራዋን አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ምሳ ነው። ቦዔዝ «ወደዚህ ቅረቢ» ብሎ ከአጫጆቹ ጋር አስቀመጣት፤ የተጠበሰ እሸት ሰጣት፤ በላች፣ ጠገበች፣ አተረፈች። ማታ አንድ የኢፍ መስፈሪያ የሚያህል ገብስ ይዛ፣ የተረፋትንም ምግብ ለአማቷ ወሰደች። በምስጋናውና በምሳው መካከል ክርክር የለም። «ኧረ አይገባኝም» እያለች ብትሟገት ኖሮ ምሳው ራሱ ይቀዘቅዝ ነበር።

ወደ ድፎው እንመለስ። ባለተራዋ በሩት መንገድ ብትሄድ «አሜን እትዬ። ሲወዱት ሳይ ድካሜ ጠፋ» ብትል ይበቃል። ካስፈለገ «እናቴ ናት ያስተማረችኝ» ትጨምር፤ እውነት ከሆነ ብቻ ግን። ከዚያ ሌላ ቁራሽ ታቅርብላቸው። ምርቃት በአሜን ይዘጋል፤ ባህላችንም ቤተ ክርስቲያናችንም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። መምህሩ አስተምረው ሲጨርሱ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም አሜን ይላሉ። «ኧረ ዛሬ እንኳን ጥሩ አላስተማርኩም» የሚሉ መምህር ቢኖሩ ጉባኤው ግራ ይገባዋል።

«የማንጠቅም ባሪያዎች ነን በሉ ተብለን የለ?» የሚል ይኖራል። ሉቃስ 17፥10ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። የታዘዛችሁትን ሁሉ ባደረጋችሁ ጊዜ «ልናደርገው የሚገባንን አድርገናል» በሉ ይላል። አድርገናል! ባሪያው ሥራውን አልካደም፤ ጌታውን ባለ ዕዳ አላደረገም እንጂ። እግዚአብሔር ፊት የሚባለውን ይህን ቃል የእትዬን ምርቃት መመለሻ ማድረግ ቦታውን ማሳት ነው።

«ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን» ማለትስ? መልካም ነው፤ ግን አንዳንዴ ሰውየውን ማባረሪያ እናደርገዋለን። ዓይኑን እንኳ ሳናይ፣ በአንድ ትንፋሽ ብለን እናልፋለን። ዮሴፍን እዩት። ፈርዖን ሕልም ትፈታለህ አሉኝ ሲለው «ይህ ከእኔ አይደለም» አለ። እዚያ ላይ ግን አላቆመም፤ እግዚአብሔር ለፈርዖን የደኅንነት መልስ ይሰጠዋል ብሎ ወደ ሰውየው ጭንቀት ዞረ (ዘፍጥረት 41፥16)። ክብሩን ለአምላክ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ተናጋሪው መለሰ።

አጥብቀን እምቢ የምንልበት ጊዜም አለ። ምስጋናው የሌላ ሰው ከሆነ ወዲያው መስተካከል አለበት፦ «መዝሙሩን ያስጠናችን እሷ ናት፣ እባክዎ ለእሷም ይንገሯት።» ምስጋናው የአምላክን ቦታ የሚሰጠን ከሆነማ ዝምታ ራሱ አደገኛ ነው። በልስጥራን ሕዝቡ ሊሠዋላቸው ሲመጣ ጳውሎስና በርናባስ ልብሳቸውን ቀደዱ። ሄሮድስ ግን «የአምላክ ድምፅ ነው» ሲባል ዝም ብሎ ተቀበለ፤ በትል ተበልቶ ሞተ (ሐዋ. 14 እና 12)። ድፎ ዳቦ እዚያ አይደርስም፤ ለእሱ ልብስ መቅደድ አያስፈልግም።

ውዳሴ ከንቱ እንዳልገባብን በምን እናውቃለን? በሰጠነው መልስ ላይ ሳይሆን ከመልሱ በኋላ በሚሆነው ይታወቃል። ምሳሌ 27፥21 ሰው በሚያመሰግኑት አፍ እንደሚፈተን ይናገራል። ማታ ተኝተን ያንን ቃል ደጋግመን የምናኘክ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ሰው ዝም ሲል ቅር የሚለን ከሆነ፣ ወይም «አልጣፈጠም አይደል?» እያልን ምስጋና የምናጠምድ ከሆነ ነገሩ ገብቷል ማለት ነው። በአፍ «ኧረ ምንም አይደል» ያለ ሰው ላይም ይገባል። እንዲያውም ይህ አባባል ራሱ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዙር ምስጋና መለመኛ ነው፤ በሐቅ ከተነጋገርን።

በልጆቻችን ላይ የምናደርገው ደግሞ ይብሳል። ሰው «ልጅሽ እንዴት ጎበዝ ነው!» ሲል እናት፣ ግማሹን ትሕትና ግማሹን ዓይነ ሰብ ፈርታ፣ «ኧረ እሱ! ሰነፍ ነው፣ ቤት ውስጥ ብታዩት» ትላለች። ልጁ እዚያው ቆሞ ይሰማል፤ ትሕትና መሆኑ አይገባውም። «አሜን፣ ያሳድግልኝ በሉኝ» ብትል ሰውየው ይመርቅላታል። ልጁንም «በል፣ እግዜር ይስጥልኝ በላቸው» ብላ ወደ እሳቸው ትግፋው።