አክሲዮን ከመግዛት በፊት፦ ስለ መድን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደመወዝተኛ ነኝ። ብታመም መሥሪያ ቤቴ አለ።»

አለ፤ ግን እስከ ስንት ወር? ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ የመጋዘን ሠራተኛ እናስብ። ደመወዙ በወር 15,000 ብር ነው፤ ስሌቱ እንዲቀል ግብሩንና የጡረታ መዋጮውን እንተወው። የቤቱ ወጪ 12,000 ብር ነው። 60,000 ብር ቆጥቧል፤ በሙሉ የባንክ አክሲዮን ሊገዛበት አስቧል።

ይህ ሰው ስትሮክ መታው እንበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በ12 ወር ውስጥ በ6 ወር ይገድበዋል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ናቸው። እጁ የሚገባው 15,000፣ ከዚያ 7,500፣ ከዚያ 7,500፣ በድምሩ 30,000 ብር ነው። ቤቱ ግን በ6 ወር 72,000 ብር ይፈልጋል። የጎደለው 42,000 ብር ነው፤ የመድኃኒቱንና የትራንስፖርቱን ሳንቆጥር።

ቁጠባው ሁሉ አክሲዮን ላይ ከዋለ ገዢ መፈለግ ሊጀምር ነው፤ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ በዋጋ አይደራደርም። ስለዚህ 42,000ው በማንኛውም ቀን በሚወጣበት የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ። አክሲዮን ሊታሰብ የሚችለው በቀሪው 18,000 ብር ነው፤ ከእሱም መጀመሪያ ለመድኑ የሚከፈለው ዓረቦን ይነሳለት።

ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ቢሆን አዋጁ የተሻለ ክፍያ አለው፦ ለሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሦስት ወር 75 በመቶ፣ ለቀጣዮቹ ስድስት ወራት 50 በመቶ። ብዙ ሰው በዚህ ተማምኖ ይቀመጣል። በሽታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሥራው ጋር ሳይያያዝ ነው። ጡረታውም ቢሆን፣ ከሥራ ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ያቃተው ሰው ዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። የእኛ ሠራተኛ 6 ዓመት ነው የሠራው።

«የግል አደጋ መድን ገብቻለሁ፤ አካል ጉዳቱም ተሸፍኗል።»

በጣም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ ሰው ከፍሎ ሳለ ሳይሸፈን የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። የግል አደጋ መድን የሚከፍለው ድንገተኛ የውጭ አደጋ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው፦ ባጃጅ ተገልብጦ እግር ሲሰበር፣ ከደረጃ ወድቆ እጅ ሲቆረጥ። ስትሮክ፣ የኩላሊት ድካም፣ በስኳር በሽታ የተነሳ የሚቆረጥ እግር አደጋ ተብለው አይቆጠሩም።

በሽታንም የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት መድን ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚገዛው የዘላቂ ሙሉ አካል ጉዳት ሽፋን ነው። ሲገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም ፖሊሲው ላይ በጽሑፍ እዩት። አንደኛ፣ በበሽታ የመጣ ጉዳት ይካተታል ወይ? ሁለተኛ፣ «መሥራት አለመቻል» ማለት የራስን ሙያ ነው ወይስ ማንኛውንም ሥራ? ሹፌር ዓይኑ ቢደክምና ተቀምጦ ቲኬት መቁረጥ ይችላል ከተባለ፣ በሁለተኛው ትርጉም ምንም ላያገኝ ይችላል።

ቅጹ ላይ ግፊት ወይም ስኳር ካለ አትደብቁት። የተደበቀ ሕመም ክፍያው በሚፈለግበት ቀን ውድቅ ማድረጊያ ሊሆን ይችላል።

«የጤና መድን ካለኝ ይበቃኛል።»

የጤና መድን ሐኪም ቤቱን እንጂ የቤት ኪራዩን አይከፍልም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ነጋዴም አገልግሎቱን የሚያገኘው ውል ባላቸው ተቋማትና በሪፈራል ቅደም ተከተል ነው። በመሥሪያ ቤት በኩል የተገዛ የቡድን ሕክምና መድን ደግሞ በአብዛኛው ከሥራ ሲለቁ አብሮ ያበቃል፤ ሕመሙ ከሥራ ያስወጣው ሰው ሽፋኑን የሚያጣው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው።

«እድር አለኝ፤ ሐረር ያለችው እህቴም አፎቻ ውስጥ ናት። የሕይወት መድን ለምን?»

እድርም አፎቻም ድንኳኑን፣ ቀብሩን፣ የሐዘኑን ቀናት ይሸፍናሉ፤ ሰው ማጽናናቱንማ ማንም አይተካቸውም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና ያልተከፈለ ብድር ግን ከድንኳኑ መፍረስ በኋላ ይመጣል። የሽፋኑ ልክ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። የሠራተኛችን ቤት ራሱን እስኪችል 5 ዓመት ቢፈልግና 12,000ው በወር ቢቆጠር 720,000 ብር ይሆናል፤ በላዩ ዕዳ ይጨመራል። ሚስቱ ገቢ ካላት ያን ያህል ይቀነሳል። ጥገኛ የሌለው ወጣት ግን ይህን ያህል የሕይወት ሽፋን አሁን መግዛት የለበትም፤ ለእሱ የአካል ጉዳቱ ሽፋን ይቀድማል።

«ምንም ሳልሆን ጊዜው ካለቀ፣ የከፈልኩት ባከነ።»

ብዙዎችን ቁጠባ ወዳለበት የሕይወት መድን የሚገፋቸው ይህ ፍርሃት ነው። ለተመሳሳይ የሽፋን መጠን የዚያ ዓረቦን ቁጠባ ሳይኖረው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ከሚሸፍነው የጊዜ ገደብ መድን በጣም ይበልጣል፤ አቅም ያነሰው ቤተሰብም ዓረቦኑን ለመቻል ሲል ሽፋኑን ያሳንሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያቋርጥ ደግሞ የሚመለስለት ከከፈለው በጣም ያንሳል፣ ወይም ጨርሶ አይኖርም። ከሁለቱም አንድ አንድ የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ «በ3ኛው ዓመት ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል?» የሚለውንም ቁጥሩ እዚያው ላይ እንዲጻፍላችሁ አድርጉ።