በቀን አጻጻፍ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶችና እውነታው

«ከፈረንጆቹ ዓመት 8 መቀነስ ነው፤ አለቀ።»

ስምንት የሚሠራው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ብቻ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ነው። አስቸጋሪው ወር ታኅሣሥ ነው፤ የፈረንጆቹ ዓመት የሚለወጠው በመካከሉ ነውና። ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ልደቱ ዲሴምበር 29 ቀን 1997 ነው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 25 የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 3 ቀን 1998 ይሆናል። በሁለቱም ላይ ጭፍን 8 የደመረ ሰው የመጀመሪያውን ልጅ ዕድሜ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል፤ ስህተቱ ፓስፖርት ላይ ከገባ ደግሞ ማረሚያው ብዙ ያንከራትታል። ስለዚህ መጀመሪያ ወሩንና ቀኑን ይቀይሩ፣ ጃንዋሪ 1 ማለፉን ይዩ፣ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ያስሉ።

«መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው።»

በአራት ዓመት አንዴ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ተከታዩ ዓመት፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ በአንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል። ለመለየት ቀላል ነው፤ የኢትዮጵያው ዓመት ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ (2012፣ 2016፣ 2020) መባቻው ሴፕቴምበር 12 ነው። የአንድ ቀኑ ፈቀቅታ የሚዘልቀው ፈረንጆቹ የራሳቸውን ትርፍ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 29ን፣ እስኪጨምሩ ነው። ከየካቲት 22 ጀምሮ ሁለቱ አቆጣጠሮች እንደተለመደው ይገጥማሉ። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዓመታት ታኅሣሥ 29 የሚከበረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በፈረንጆቹ ሲታይ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው።

ለድሮ ታሪክ ግን ይህም አይበቃም። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር፤ በውጭ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ በዓሉ የሚውለው ማርች 2 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ቀን ብቻ አድርገው አለፉ፤ እኛ ግን አራት ዓመት በሞላ ቁጥር ጳጉሜን 6 እናደርጋለን፤ ስለዚህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። በ2100ም እንደገና ይሰፋል፤ ያን ጊዜ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል። ከ1900 በፊት የነበረን ቀን በዛሬው ሰንጠረዥ የሚቀይር ሰው ቢያንስ አንድ ቀን መሳቱ አይቀርም።

«ጃንዋሪ በአማርኛ ጥር ነው።»

ጥር የሚገባው በጃንዋሪ 9 ገደማ ስለሆነ የወር ስም መተርጎም ቀኑን ያዛባል። «January 15, 2025» የሚለውን «ጥር 15» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ጃንዋሪ 23 ላይ ያደርሰዋል፤ ትክክለኛው ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ወይ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ፣ ወይ «ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.» ብለው ስሙን እንዳለ ይተዉት። እ.ኤ.አ. «እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር» ማለት ነው። ብዙዎች «እንደ ኢትዮጵያ» ብለው ያነቡታልና፣ ውል ወይም ቀጠሮ ላይ በምሕጻር ከመተው በሙሉ ቃል መጻፉ ይሻላል። እንዲሁም 5/7/2017 ብቻ የተጻፈ ቀን ለኛ መጋቢት 5 ነው፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ግን ሜይ 7 ብሎ ሊያነበው ይችላል። የወሩን ስም በፊደል ማስፈር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

«2016ን በግዕዝ ለመጻፍ እያንዳንዱን አኃዝ መተካት ነው።»

የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ አኃዝ በአኃዝ መተካት አይቻልም። ፪፩፮ ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት፣ አንድ፣ ስድስት ከመደርደር ሌላ ያለው ነገር የለም። ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አድርገው ይክፈሉት፤ 20 እና 16 ይሆናል። ሃያው ፳ ነው፣ መቶዎች ስለሆነ ፻ ይከተለዋል፣ ዐሥራ ስድስቱ ፲፮ ነው፤ ተገጣጥሞ ፳፻፲፮። 1888 በዚሁ መንገድ ፲፰፻፹፰ ይሆናል። 1905 ላይ ባዶው የዐሥር ቤት ይዘለላል፦ ፲፱፻፭። መቶ ራሱ ፻ ብቻ ነው፤ ፩፻ አይባልም። ሺህ ፲፻ ነው፣ ዐሥር ሺህ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው፦ ፼። የአኃዞቹ ቤት ዐምድ ሠርቶ ስለማይሰለፍ ለመደመርና ለመቀነስ አይመችም፤ ለሒሳብ መዝገብ 2016 ብሎ መጻፍ፣ ፳፻፲፮ን ለምዕራፍ፣ ለቀን መቁጠሪያና ለመታሰቢያ ጽሑፍ መተው ተገቢ ነው።