የአንድ ዓመት ተኩል ልጆች የእንቅልፍ መቃወስ

ሌሊቱን በደህና ይተኛ የነበረ ልጅ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላው በድንገት አልተኛም ሊል፣ ሌሊት ደጋግሞ ሊነቃ፣ የቀን እንቅልፉንም ሊቃወም ይችላል። ብዙ ወላጆች ስሊፕ ሪግሬሽን የሚሉት ይህ ለውጥ በሽታ አይደለም። ሁሉንም ልጅ አያገኝም፤ ያገኘውንም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቀዋል።

ልጁ በዚህ ዕድሜ የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ የሚገባው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። «እንተኛ» ሲባል መብራት እንደሚጠፋና እናቱ ከአጠገቡ እንደምትሄድ ስለሚያውቅ ለቅሶውን ገና ልብሱ ሳይቀየር ይጀምራል። ከእናት የመለየት ፍርሃትም በእነዚህ ወራት ይበረታል። ሌሊት ደግሞ ማንኛውም ሰው በእንቅልፍ ዑደቶች መካከል ለአፍታ ይነቃል። ድሮ አልቅሶ የሚተኛው ሕፃን አሁን «እማ! ውሃ!» ብሎ ይጣራል። በእያንዳንዱ ጥሪ መብራት ከበራና ጨዋታ ከተጀመረ፣ ልጁ መጣራትን ይለምደዋል። አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ፣ «አለሁ፣ አሁን እንቅልፍ ነው»፣ በጨለማው ውስጥ ይበቃል።

ሌላው ገፊ ነገር በራስ መቻል ነው። መራመድ፣ ማንኪያ መያዝ፣ መውጣት መውረድ የቻለ ልጅ በራሱ መወሰን ያምረዋል፤ «እምቢ» ደግሞ ለዚህ የሚሆን ቀላል መሣሪያ ነው። «ትተኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ስህተት ነው፤ መልሱ የታወቀ ነው። መተኛቱ ለድርድር ሳይቀርብ «ቀዩን ትለብሳለህ ወይስ ሰማያዊውን?» ቢባል ይሻላል። ምርጫው ከሁለት ከበለጠ ግን ማታው ይረዝማል።

ጊዜው ከቀን ሁለት እንቅልፍ ወደ አንድ ከመሻገር ጋር መገጣጠሙ ነገሩን ያወሳስበዋል። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል የተኛ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢያስተኙት ገና ስላልደከመው አልጋው የትግል ሜዳ ይሆናል። ይኸው እንቅልፍ ወደ 7 ሰዓት ቢመጣና 9 ሰዓት ላይ ቢያበቃ፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት አምስት ሰዓት ያህል ነቅቶ ይቆያል። ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሳ ድምሩ 13 ሰዓት ይሆናል። የቀን እንቅልፉን በየቀኑ በ15 ደቂቃ ማስቀደም ልጁን አያስጨንቅም።

ከእናቱ ጋር የሚተኛ ልጅ ዘንድ መቃወሱ ሌላ መልክ አለው፤ አልጋውን ሳይሆን መጋደሙን ይቃወማል፣ ጡት ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ተነስቶ መዞር ይፈልጋል።

መንጋጋ ጥርስ በዚሁ ሰሞን ስለሚበቅል ጥፋቱ ሁሉ በእርሱ ላይ ይደፋል። ትኩሳት፣ ጆሮ እየጎተቱ ማልቀስ፣ ወይም ሁልጊዜ ማንኮራፋትና ትንፋሽ መቆራረጥ ካለ ግን መቃወሱን ከዕድሜው ጋር ማያያዝ ትቶ ልጁን ሐኪም ማሳየት ይገባል።