የሙያ ሙከራ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ሻይ ይዤ ስልኬን ስጎረጉር አንድ መካሪ አጋጠመኝ። ወጣቶች ሙያ ለመምረጥ እንዳይቸኩሉ፣ የሚወዱትን እስኪያገኙ ድረስ ሁሉንም እንዲሞክሩ ይመክራል። ከሥሩ ያለው ሁሉ አጨብጭቦለታል። አቦ፣ እኔ ሻዬ ቀዘቀዘብኝ። «ሙከራ» የምትባለው ቃል እንዲህ ስትጎሳቆል ማየት ሰልችቶኛል።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ማሽላ ላይ ነው። እንጀራዬ ሙከራ ነው፤ ዘር መዝራት፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ መጣል። መጣል የሚለውን ያዙልኝ። አንድ ዝርያ አጣሪ መጀመሪያ ዓመት ላይ ብዙ ዓይነት ዘር በትንንሽ መደብ ይዘራል። ወቅቱ ሲያልቅ ግን «ይኸው፣ ጀግናው ይህ ነው» አይልም። የሚለው «እነዚህን ከእንግዲህ አልዘራቸውም» ብቻ ነው። አቀንጭራ የሚባለው አረም የወረረው ይጣላል። ዝናብ ለአሥር ቀን ሲጠፋ የተኛው ይጣላል። የቀሩት ደግሞ ጥሩ መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ ገና አልወደቁም ማለት ነው።

የሙያ ሙከራም ይኸው ነው። የትኛውን ዘርፍ እንደምትወድ አይነግርህም፤ የትኛውን ከዝርዝርህ እንደምትሰርዝ ነው የሚነግርህ። መካሪያችን የገለበጠው ይህንን ነው። ፍቅር እስኪገኝ መሞከር ማለት ማብቂያ የሌለው ሙከራ ማለት ነው። ማብቂያ የሌለው ሙከራ ደግሞ በእኛ ቤት ሙከራ አይባልም፤ የተረሳ ማሳ ነው።

አንዲት የጎረቤቴ ልጅ አለች። በእጽዋት ሳይንስ ተመርቃ ድሬ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። ሦስት ነገር እኩል ይስባታል፤ ዝርያ ማሻሻል፣ መስኖ፣ የመረጃ ትንተና። አንድ ማታ በር ላይ ቁጭ ብለን «ጋሼ፣ እየሞከርኩ ነው» አለችኝ። ምን እንደሞከረች ጠየቅኋት። ሁለት ኮርስ ወስዳለች፣ ሰርተፊኬትም አላት። አንድ ስብሰባ ተካፍላለች። በርካታ ቪዲዮ አይታለች።

ይህ ሙከራ አይደለም አልኳት። ኮርስ ላይ የሚሰጥ መረጃ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። የሥራው መረጃ ግን እንደዚያ አይመጣም። ስብሰባ ላይ ደግሞ ሰው የሚያወራው ስላማረለት ነገር ነው።

ደብተር አስወጣኋትና ለእያንዳንዱ ዘርፍ አራት መስመር አጻፍኳት። የምጠይቀው ጥያቄ ምንድን ነው? ምን ባይ እተወዋለሁ? በየትኛው ቀን አቆማለሁ? ቢበዛ ምን አወጣለሁ? ሁለተኛው ላይ ተቸገረች። ሁሉም የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። «ምን ባይ እተወዋለሁ» ለሚለው መልስ ከሌለህ ምንም ብታይ አትተውም። ወጪው ላይ ደግሞ ጠንከር አልኩ። ከሥራ መልቀቅ የለም፣ ብድር የለም፣ ቅዳሜና ምሽት ብቻ። የሐረርጌ ገበሬ አዲስ ዘር ሲሰጠው የለመደውን ማሽላ ነቅሎ አይተካም። ሁለት ትልም ሰጥቶ ያያል። ባይሳካ ቤተሰቡ አይራብም።

በዝርያ ማሻሻል ጀመረች። ይህ ዘርፍ ለትንሽ ሙከራ አይመችም፤ አንድ ዝርያ ከማዳቀል እስከ ገበሬው እጅ ብዙ ጊዜ ከስምንት ዓመት በላይ ይወስዳል። በአራት ቅዳሜ ደስታውን መቅመስ አይቻልም። አሰልቺውን መቅመስ ግን ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄዋ «ዝርያ ማሻሻል ደስ ይለኛል ወይ?» አልነበረም። «ማንም ሳያየኝ አንድ ዓይነት ነገር ሳልሳሳት ደጋግሜ መመዝገብ እችላለሁ ወይ?» የሚል ነበር። የምትተወውም ምልክት ሳትጽፍ ወደሚቀጥለው ከረጢት ካለፈች ነው።

የዘር መጋዘን አስገባኋት። ሥራው ቀላል ነው። የአንዱን መደብ ማሽላ ትወቃለህ፣ አንድ ሺህ ፍሬ ትቆጥራለህ፣ ትመዝናለህ። ሠላሳ ግራም አካባቢ ይመጣል። እንደገና ሌላ አንድ ሺህ ትቆጥራለህ። ሁለቱ ካልተቀራረቡ ሦስተኛ። ቀጥሎ ያለው ከረጢት። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ከረጢቶች አገኘሁ። ጠየቅኋት። አልዋሸችም። «በኋላ እጽፋለሁ ብዬ ከጭንቅላቴ ነው የጻፍኩት» አለች። ሁለቱም ከረጢቶች ወደ ዶሮ ቤት ሄዱ፤ ዝርያ ማሻሻልም ከዝርዝሩ ወጣ። አራተኛው ቅዳሜ አላስፈለገም።

መረጃ ትንተናው ላይ የታጠበውን ትተን የቆሸሸውን ፈለግን። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ማንም የማይነካው የገበሬዎች መዝገብ ነበር። አለቃዋን አስፈቅዳ ወሰደችው። የአንዱ ቀበሌ ስም በሦስት ዓይነት ተጽፏል። ምርቱ አንዱ ጋ በኩንታል፣ አንዱ ጋ በኪሎ ነው። የመሬቱ ስፋት ከሁሉ ባሰ። አንዳንዱ በሄክታር፣ አንዳንዱ በጥማድ። ጥማድ ደግሞ እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ ስምንቱ አንድ ሄክታር ይሞላል፤ ሌላ አካባቢ አራቱ ይበቃል። መዝጋቢው ከየት እንደመጣ ካላወቅህ ምርቱ በእጥፍ ይሳሳታል። ልጅቱ መዝጋቢዎቹን አንድ በአንድ እየደወለች ጠየቀች። ማንም ደውዪ አላላትም። ያቺን በደብተሬ ጻፍኳት።

መስኖው ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ ሽንኩርት በጠብታ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ተገኘ። ፓምፑ ደክሟል ብሎ አዲስ ሊገዛ ነው። ልጅቱ ፀሐይ ሳይከር ሄደች፤ በእኛ ቆላ ከረፋድ በኋላ ሥራ የለም። ከእኔ የተዋሰችውን አሥራ ስድስት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ በተለያየ መስመር ላይ ከጠብታ ማውጫዎቹ ሥር አስቀመጠች። አሥር ደቂቃ ጠበቀች፣ ለካች፣ በስድስት አባዝታ ወደ ሰዓት ቀየረችው። እያንዳንዱ ማውጫ በሰዓት 2 ሊትር መስጠት ነበረበት። አማካዩ 1.6 ሆነ። ከሁሉ ያነሱት አራቱ አማካያቸው 0.96 ሊትር ነው። ይህን ለ1.6 ስታካፍለው 60 በመቶ። ደህና የሚባል መስመር 90 አካባቢ ይሰጣል፤ 60 ማለት አንዱ ሽንኩርት ሲጠግብ ሌላው ተጠምቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብልጠቷን ወደድኩላት። ፓምፑ ቢደክም ኖሮ ከፓምፑ የራቁት ማውጫዎች አብረው ይቀንሱ ነበር። የሷ ቁጥር ግን ተበታትኗል። ደህናውና የታፈነው ጎን ለጎን ናቸው። አንዱን ነቅላ አየችው፤ ጀበናችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር አፉን ደፍኖታል። የድሬ የጉድጓድ ውኃ ምን እንደሆነ ጀበና ያጠበ ያውቃል። ሎሚ ጨመቀችበት፣ ተንፈቀፈቀ። ኖራ ነው። ገበሬው ከፓምፕ ወጪ ዳነ። ፓፓያ በማዳበሪያ ሙሉ አሸክሞ ላካት።

በማግስቱ «ጋሼ፣ አገኘሁት! መስኖ ነው!» እያለች መጣች።

አላገኘሽም አልኳት። ፊቷ ጠቆረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙከራ ስንዘራ የዳር መስመሮችን አንለካም። ዳር ያለ ማሽላ ፀሐይም ቦታም ስለሚተርፈው ያምራል። እሱን ከለካህ ማሳው ሁሉ እንደዚያ ይመስልሃል። የመጀመሪያ ቀን እንግድነትም የዳር መስመር ነው። ጥሩውን ችግር ይሰጡሃል፣ ፓፓያ ያሸክሙሃል። ስለዚህ ያ ቅዳሜ አይቆጠርም፣ ሌላ ሂጂ። ሄደች። አንዴ ጥበቃው አላስገባም ብሎ መለሳት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ቀን የመስመሮቹን ጫፍ እየፈታች ጭቃ ስታስወጣ ዋለች። ስትመለስ ከጭንቅላት እስከ እግሯ አቧራ ነበረች፤ የምታወራው ግን ስለ ማጣሪያው ነው። እሺ፣ ይህ ይቆጠራል።

መቼም በማሽላ ከጀመርኩ አላቆምም። አንድ መደብ ላይ ብቻ የዘራኸው ዝርያ ቢወድቅ ጥፋቱ የዘሩ ይሁን የአፈሩ አታውቅም። ለዚህ ነው ሦስት አራት ቦታ የምንደግመው። አንድ ልጅ አንድ ቢሮ ሁለት ወር ሠርቶ «ሒሳብ ሥራ አይስማማኝም» ሲል እጠራጠራለሁ። ሒሳቡ ነው ወይስ አለቃው? ቢያንስ ሁለተኛ ቦታ ሳታይ አትሰርዝ። እርግጥ የልጅቱን ከረጢት በአንድ መጋዘን ብቻ ነው የፈረድኩት። እዚያ ላይ ግን የወደቀችው ራሷ በጻፈችው መስመር ነው። ማሽላና ሰው አንድ አይደሉም፤ ማሽላ በሚቀጥለው ዓመት ጠባዩን አይለውጥም፣ ሰው ይለውጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ከረጢት መጻፍ ብትችል አይገርመኝም። ስለዚህ የምንሰርዘው በእርሳስ ነው።

ሁለት ቀሩ። መረጃና መስኖ። አንድ ማታ «ጋሼ፣ የቱ ይበልጣል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሙከራውም አያውቅም። አራት ቅዳሜ የሚነግራት ያን ያህል ብቻ ነው፤ ሌላ ሃያ ቅዳሜ ብትጨምርም ሁለቱን አይለይላትም። ሐረርጌ ውስጥ ሙይራ የሚባለውን ማሽላ ሐምሌ ላይ ብታየው ቁመቱ ያስገርምሃል። ራሱ ምን እንደሚሰጥ ግን የምታውቀው ኅዳር ገደማ ነው። ሐምሌ ላይ ቆመህ የኅዳሩን ብትጠይቀው አይመልስልህም።

ያኔ የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ማን ያስተምረኛል? ለሚለው መልሱ ግልጽ ነበር። መረጃ ላይ በቅርብ የሚያርማት ሰው የለም። መስኖ ላይ ግን ለብዙ ዓመት ፓምፕና ቧንቧ የፈታ አንድ ቴክኒሻን ቅዳሜ ቅዳሜ አብራው እንድትወጣ ፈቅዷል። ደመወዝ የለም፣ ምሳ አለ። እሱን ያዘች። መዝገቡን ግን አልጣለችውም፤ ማታ ማታ የየማሳውን ልኬት እዚያው ትሞላለች።

ደብተሯ ላይ የሚቀጥለው ቀን ተጽፏል፤ ሰኔ 30። የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚራወጥበት ጊዜ ነው። ለምን ያን ቀን እንደመረጠች ጠየቅኋት።

«ሥራው ሲከፋ ልየው ብዬ ነዋ» አለች። ቆርቆሮዎቼን ግን እስካሁን አልመለሰችም።